ብቸኛው የሩዝ ስፖንሰራችን

የአትሌቲክስ ክለባችን ጸሐፊ የሆንሁት ሩጫ ስለማውቅ አይደለም። ወረታ ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ፤ «ደብዳቤ የምትጽፍልን አንድ ሰው ትኑረን» ብለው ነው የጎተቱኝ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። ሊቀ መንበሩ በደብረ ታቦር መገንጠያ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ በወጣትነቱ ሯጭ እንደነበር ራሱ ይናገራል። አሠልጣኙ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን ጧት ጧት ቢሮ ከመግባቱ በፊት በነጻ ያሠለጥናል። ሯጮቻችን አብዛኞቹ ከፎገራ ሜዳ ቀበሌዎች ለትምህርት መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ የገበሬና የካህናት ልጆች ነበሩ።

ከኮሚቴው ውጭ ደግሞ ክለቡን ደግፈው ያቆሙት አንዲት ሴት ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ትንሽ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ያላቸው ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ግቢያቸው አስፋልቱ ዳር ነው። ክረምት ሲገባ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፤ ልጆቹ የሚሮጡበት አስፋልቱ ብቻ ይቀራል። ከጭነት መኪናና ከባጃጅ ጋር እየተጋፉ ሮጠው ሲመለሱ እትዬ ግቢ ይገባሉ። ልብሳቸውን እዚያ ይቀይራሉ፣ ደብተራቸውን እዚያ ያስቀምጣሉ፣ ውኃ እዚያ ይጠጣሉ። ቅዳሜ ረጅም ሩጫ ሲኖር እትዬ ስብርባሪውን ሩዝ በትልቅ ድስት ቀቅለው ይጠብቋቸዋል። ስናመሰግናቸው «ከማሽኑ ሥር የሚለቀም ነው፤ ለዶሮ ከምሰጠው» ይሉናል። የክለቡ ጎበዝ ሯጭ፣ የአንድ ቄስ ልጅ፣ የምታድረውም በእሳቸው ጓዳ ነበር፤ ኪራይ ተቀብለዋት አያውቁም።

በጎንደር መንገድ በኩል አንድ ትልቅ የሩዝ ማቀነባበሪያ የተከፈተ ጊዜ ሊቀ መንበሩ ስፖንሰር እንጠይቅ የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ። ደስ አለን። የልጆቹ ማሊያ ተቀዳዶ ነበር፤ ደብረ ታቦር ለውድድር መሄጃ ስናጣም ከየቤታችን ነበር የምናዋጣው። ሱቁ ውስጥ የቆርቆሮ ክምር ላይ ተቀመጥን፤ እሱ ከስልኩ ላይ የአንድ ትልቅ ከተማ ክለብ ያዘጋጀውን የስፖንሰርሺፕ ማመልከቻ አሳየን። የወርቅ፣ የብር፣ የነሐስ የሚል ደረጃ አለው፤ በየደረጃው ሥር ለስፖንሰሩ የሚሰጠው ጥቅም ተደርድሯል።

«ይኸን ስሙን ብቻ ቀይረሽ ጻፊው» አለኝ።

«ቴሌቪዥን ይላል እኮ። እኛ ቴሌቪዥን የት አለን?»

«ይጻፍ፤ ማን ይከታተለዋል?»

«ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ይከታተለዋል።»

ያን ቀን ብዙ ተጨቃጨቅን። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ነበር፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የኛ የሆነው የትኛው ነው? ሊቀ መንበሩ «ሯጮቻችን በክልል ሻምፒዮና የድርጅቱን ስም ለብሰው ይሮጣሉ» ይባል አለ። አሠልጣኙ ራሱን ነቀነቀ። «ክልል ላይ የሚለብሱት የዞኑን ማሊያ ነው። ልጆቹ የኛ ቢሆኑም ደረታቸው የዞኑ ነው።» ተሰረዘ። በአስፋልቱ ላይ ተሻግሮ የሚሰቀል ባነር ተባለ፤ ፈቃዱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ተሰረዘ። ሬዲዮ፣ የጣቢያው ነው፤ ተሰረዘ። የትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ምስጋና፣ የርእሰ መምህሩ ነው፤ ተሰረዘ። በመጨረሻ የቀረው ይኼ ነበር፤ የልምምድና የክለብ ውድድር ማሊያ፣ የደረት ቁጥር፣ በዓመታዊ ሩጫችን መነሻና መድረሻ ላይ ባነር፣ በድምጽ ማጉያ የሚነገር ምስጋና፣ ጎበዝ ሯጮቻችን በስፖንሰሩ ዝግጅት ላይ መገኘት፣ በዓመቱ ማብቂያም ከነፎቶግራፉ የሥራ ሪፖርት።

ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን እንደ ሳሳ ቆርቆሮ ወደ ላይ አንስቶ አየው። «ይኼ ለለማኝ የሚወረወር ነው እንጂ ለፋብሪካ የሚቀርብ ነው?»

«እንግዲያው ሄደን ምን እንደሚፈልጉ እንጠይቃቸው» አልሁ።

እኔና አሠልጣኙ ሄድን። የገበያ ክፍል ኃላፊው ከባሕር ዳር የመጣ ትሑት ወጣት ነው፤ ጫማው ላይ የሩዝ ብናኝ ነበር። ዝርዝራችንን በጥሞና አነበበና ፈገግ አለ።

«ስማችንን ደረት ላይ ማየት ደስ ይላል» አለን፤ «ሩዝ የሚገዛን ነጋዴ ግን ማሊያ አይቶ አይገዛም። እኛን የቸገረን መሸጡ አይደለም፤ ማሽናችን ጾሙን ያድራል። ገበሬው ያልተፈለፈለውን ሩዝ ወደኛ እንዲያመጣ ነው የምንፈልግ። እሱ ደግሞ የለመደው ዘንድ ይሄዳል።»

በባጃጅ ስንመለስ አሠልጣኙና እኔ እንደ ልጅ ሳቅን። መልሱ በእጃችን ነበራ! ሯጮቻችን የእነዚያው ገበሬዎች ልጆች ናቸው። ከአጨዳ በኋላ ልጆቹ በተወለዱባቸው ሦስት ቀበሌዎች ትናንሽ ሩጫዎች ብናዘጋጅስ? የድርጅቱን ማሊያ ለብሰው በወላጆቻቸው ፊት ቢሮጡ፣ ከሩጫው በኋላ የድርጅቱ ሰው ተነሥቶ ቢናገርስ? ሁሉም በእጃችን ያለ ነው፤ የሚያሻው ፈቃድ የቀበሌው ብቻ ነው፤ እሱንም አሠልጣኙ ቀድሞ ጠየቀ። ማመልከቻውን እንደገና ጻፍሁት። የወርቅና የብሩን ደረጃ አውጥቼ ለአንድ ድርጅት ብቻ የተሰፋ ልብስ አደረግሁት። በሕይወቴ ከጻፍኋቸው ወረቀቶች ሁሉ በዚያ ነበር የኮራሁት።

ሊቀ መንበሩ አነበበው፤ ወደደውም። ቀጥሎ ግን ከስልኩ አንድ ነገር ፈልጎ አወጣ።

«ይኼ ቀርቷል፤ በዘርፉ ብቸኛ ስፖንሰር። ትልልቆቹ ሁሉ ይኸን ያስገባሉ። ሌላ የሩዝ ድርጅት አናስተዋውቅም ብለን ቃል እንግባ።»

«ለምን?»

«ምንም ስለማያስወጣን ነዋ! ማሊያ ያስወጣል፣ ባነር ያስወጣል። ይኼ ግን የሌለንን ነገር መተው ነው። ሌላ የሩዝ ስፖንሰር አለን?»

«እትዬስ?» አልሁት።

ሊቀ መንበሩ ሳቀ። «እትዬ ስፖንሰር ናቸው እንዴ? ጎረቤት ናቸው። ስማቸውን የት ለጥፈን እናውቃለን?»

እውነቱን ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሲያበሉን አንድ ጨርቅ ላይ እንኳ ስማቸውን ጽፈን አናውቅም። አሠልጣኙ ወደ መሬት እያየ «እሱስ ልክ ነው፤ የትም የሉም» አለ። ሁለት ለአንድ ሆነ። እኔ ጽሑፉ በእጄ ነው ብዬ ጠበብ አድርጌ ጻፍሁት፤ «ክለቡ በውሉ ዘመን የሌላ ሩዝ አቀነባባሪን ስም በማሊያ፣ በደረት ቁጥርና በባነር ላይ አያስተዋውቅም።» ስም ብቻ፣ በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ብቻ። እትዬን አይነካም አልሁ።

ድርጅቱ ተስማማ። ውሉን ግን የጻፉት እነሱ ናቸው። ሊቀ መንበሩ እኔ ክፍል ውስጥ እያለሁ ብቻውን ሄዶ ፈረመ፤ ቅጂው የደረሰኝ ማሊያው ታትሞ ከመጣ በኋላ ነው። ገልጬ ሳነብ የኔ ዐረፍተ ነገር የለም። በቦታው «ክለቡ ከሌላ ከማናቸውም ሩዝ አቀነባባሪ ጋር ምንም ዓይነት የድጋፍ ግንኙነት አይኖረውም» ይላል።

«አንብበኸዋል?» አልሁት።

«ያው አንቺ የጻፍሽው ነው።»

«አይደለም። እኔ ስም ብዬ ነው የጻፍሁት። ይኼ ግንኙነት ይላል።»

«መምህርት፣ ቃላት ነው እኮ!» አለኝና ወደ ደንበኛው ዞረ፤ ሚስማር ሊመዝን።

የመጀመሪያው ሩጫ የተዘጋጀው በቄሱ ልጅ ቀበሌ ነው። አጨዳው አልቆ መሬቱ ደርቆ ነበር። ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ሜዳው መጣ። ልጅቱ በአዲሱ ማሊያ ሁሉንም ጥላ ገባች፤ እናቷ እልል አለች፣ አባቷ ቄሱም ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ሳቃቸውን ሊደብቁ ሞከሩ። የገበያ ኃላፊው ተነሥቶ ጥሩ ንግግር አደረገ። ሲጨርስ ወደ ገበሬዎቹ ጠጋ ብሎ «ሩዛችሁን የት ነው የምታስፈለፍሉ?» ብሎ ጠየቀ።

አንድ ሽማግሌ ሳያስቡት መለሱለት። «እትዬ ዘንድ ነዋ! ልጆቻችን የሚበሉበት ቤት እያለ የት እንሄዳለን?»

ሌሎቹም አዎ አዎ አሉ። የወጣቱ ፊት ሲለወጥ አየሁ። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እትዬ ሳያስቡት፣ ያለ ውልና ያለ ባነር፣ እኛ ለፋብሪካው ልንሸጥለት የተነሣነውን ነገር ከጥንት ጀምረው አግኝተውት ነበር።

በሳምንቱ ከድርጅቱ ተደወለ። የክለቡ ልምምድ መነሻና መድረሻ የተፎካካሪ መፈልፈያ ግቢ መሆኑ ከውሉ ጋር ስለማይሄድ ቦታ ቀይሩ ተባልን። በጨዋ ቃል ነው የተነገረን። ሱቁ ውስጥ ተሰበሰብን። «ሄደን እንነጋገር፤ ማመልከቻችን ላይ ያለው ስም ብቻ ነው እንበላቸው፤ እምቢ ካሉ ውሉ ይቅር» አልሁ። አሠልጣኙ ሊደግፈኝ አፉን ከፍቶ ነበር። ሊቀ መንበሩ «ማሊያውን ከልጆቹ ላይ አውልቀሽ የምትመልሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ፤ ሲናገር የሚያየው ግን አሠልጣኙን ነበር። አሠልጣኙ አፉን ዘጋ።

እትዬ ዘንድ የሄድነው ሊቀ መንበሩና እኔ ነን። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቆሞ ነበር። እትዬ እብቁ ክምር አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሩዝ ያበጥራሉ። ሊቀ መንበሩ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ መብራቱ ብዙ አወራ። እሳቸው ሰፌዱን ሳያስቀምጡ «ወደ ጉዳይህ ግባ» አሉት።

ነገራቸው።

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«ውል ነው እትዬ።»

«እኔ ውል ውስጥ ገብቻለሁ እንዴ? ማን አስገባኝ?»

«ስምዎ አልተጠራም» አልሁ እኔ። ከአፌ ሲወጣ ምን ያህል አስቀያሚ እንደሆነ ሰማሁት።

«ሳልጠራ ነዋ የገባሁት» አሉ። ሰፌዱን አስቀመጡና «ውኃውስ? ውኃ ቢጠጡም ይከለከላል?» ብለው ጠየቁ።

ሊቀ መንበሩ «ከሌላ ቦታ ይጠጣሉ» አለ።

እትዬ ተነሡ። አልጮኹም፣ አልተራገሙም። የልጆቹ ቦርሳና ሹራብ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ አንድ በአንድ እያወረዱ፣ አቧራውን እያራገፉ፣ በሩ አጠገብ አስቀመጡት። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ቀን በፊት ከ«አንቺ ልጅ» በቀር ሌላ ስም ሰጥተውኝ አያውቁም።

«እርስዎ ነዎት የጻፉት?» አሉኝ።

ጠበብ አድርጌ እንደጻፍሁት፣ ሌላ ሰው እንዳሰፋው ልነግራቸው ነበር። «እርስዎ» ካሉኝ በኋላ ግን ማስረዳት አልተቻለኝም። «እኔ ነኝ» አልሁና ወጣሁ።

ሰኞ የቄሱ ልጅ ማሊያዋን አጥባ፣ አጣጥፋ መምህራን ክፍል መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ሩጫውን ልትተዪ ነው?»

«አልተውም። ይኸን ለብሼ ግን እትዬ በር ላይ አላልፍም። ቤታቸው ነው የማድረው።»

በገበያ ቀን አባቷ መጡ። ቄሱ ሱቁ በር ላይ ቆመው ይቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉ። «እኔ ልጄን የፈቀድሁላችሁ ለሩጫ ነበር» አሉ፤ «ያጎረሳትን እጅ እንድትገፋ አይደለም። ደብረ ታቦር ያለ ክለብ ይቀበላታል፤ መልቀቂያዋን ስጡኝና በሰላም እንለያይ።»

ሊቀ መንበሩ «አይሆንም አባ» አላቸው። ለምን እንደማይሆን ደግሞ ማመልከቻውን አውጥቶ አነበበላቸው፤ ጎበዝ ሯጮቻችን በስፖንሰሩ ዝግጅት ላይ ይገኛሉ። ሦስት ቀበሌ ነው ቃል የገባነው፤ ሁለት ይቀራል፤ ሰው የሚወጣው እሷን ለማየት ነው። ያቺ መስመር የኔ ናት። እውነተኛ ነች፣ የኛ ናት፣ ልንፈጽማት እንችላለን ብዬ ከቴሌቪዥኑና ከሬዲዮው ለይቼ ያስቀረኋት መስመር ናት። የልጅቱን ፈቃድ ግን ማንም አልጠየቀም ነበር፤ የቀበሌውን ጠይቀን የእሷን ረሳነው።

ቄሱ ሰምተው ሲጨርሱ «እንዲህ ነው?» አሉ፤ ወደ እኔ አላዩም። ወጥተው ሄዱ።

መልቀቂያውን ጻፍሁት፤ ማኅተሙ ግን ሊቀ መንበሩ መሳቢያ ውስጥ ነበር። አሠልጣኙ ለመነው፣ ሽማግሌ ላክንበት። «ውሉ ሲያልቅ» ይል ነበር። ለክልል ሻምፒዮና የሚሄዱ ሯጮች የሚለዩበት የዞኑ ምርጫ ደረሰ። በኛ ክለብ ስም ተመዝግባለችና በሌላ ክለብ መወዳደር አትችልም፤ በኛ ስም ደግሞ እሷ እምቢ አለች። ምርጫው አለፈ። አሠልጣኙ ያን ሰሞን «የዘንድሮ ትንፋሿን ብታዪው!» እያለ ብቻውን ይቆጭ ነበር።

የቀሩትን ሁለት ሩጫዎች አደረግናቸው። ቃል ገብተናላ። በመጀመሪያው ጥቂት ሰው መጣ። በሁለተኛው ገበሬዎቹ ከሩቅ ዛፍ ሥር ቆመው አዩንና ከብታቸውን እየነዱ ሄዱ። የገበያ ኃላፊው ድምጽ ማጉያውን ይዞ ባዶ ሜዳ ላይ ተናገረ፤ ለእሱም አዘንሁለት። ዓመቱ ሲያልቅ ሪፖርቱን ጻፍሁ፤ ቃል የገባነው ሁሉ ተፈጽሟል፤ ፎቶግራፎቹም አሉ። በመጨረሻው ሩጫ ፎቶግራፎች ላይ ግን ተመልካች የለም።

ድርጅቱ የጠበቀውን ጥቅም አለማግኘቱን ገልጾ፣ አመስግኖን ውሉን ሳያድስ ቀረ። ሊቀ መንበሩ «ፎቶውን ባታያይዢው ምን ነበረበት?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከእሱ ጋር ሰላምታ ብቻ ነው ያለን። አሠልጣኙ አሁንም ጧት ጧት አምስት ስድስት ልጆች ያስሮጣል፤ ውኃቸውን በፕላስቲክ ይዘው ይመጣሉ። ውሉ ካለቀ በኋላ ወደ እትዬ ግቢ እንዲመለሱ አሠልጣኙ ጠይቆ ነበር፤ «በሬ ክፍት ነው፤ ማንንም አልከለከልሁም» አሉት። ልጆቹ ግን አፈሩ መሰለኝ፣ አልገቡም። ገበሬዎቹ እስከ ዛሬ ሩዛቸውን የሚያስፈለፍሉት እዚያው ነው።

ውሉ ካለቀ በኋላ ሊቀ መንበሩ መልቀቂያውን ሳልጠይቀው ማኅተም መትቶ ሰጠኝ፤ ከዚያ ወዲያ እሷን መያዝ ስለማያስፈልገው። ልጅቱ ያን ጊዜ ትምህርቷን ጨርሳ ወላጆቿ ዘንድ ገብታ ነበር። ክረምት ነው። ባጃጁ መሄድ እስከሚችልበት ሄጄ የቀረውን በጭቃ በእግሬ ገባሁ። ከወንድሞቿ ጋር ሩዝ ስታርም አገኘኋት፤ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ባቷ ውኃ ውስጥ ቆማለች። ወረቀቱን ዘረጋሁላት።

«እጄ ጭቃ ነው» አለችኝ፤ «ለአባቴ ስጪው።»

«ደብረ ታቦር አሁንም ይቀበሉሻል፤ ጠይቄያለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ መምህርት» አለች። አላኮረፈችም፤ ብታኮርፍ ይሻለኝ ነበር። «የሩጫ ጫማዬን ለታናሽ እህቴ ሰጥቻታለሁ። ለትምህርት ቤት ታደርገዋለች።» እንደገና ጎንበስ ብላ አረሙን ከሥሩ ነቀለችና ወደ ማሳው ዳር ወረወረችው።